ሁለት ፕሮፎርማ፣ አንድ ፌሮ፦ የሚረክሰው የቱ ነው?

*ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ቤት እየሠራሁ ነው። መሠረቱ አልቆ አሁን ወደ ኮለንና ወደ ቢም እየገባን ነው። መሃንዲሱ ባለ 12 ሚሊ ፌሮ 160 ቤርጋ፣ ባለ 8 ሚሊ ደግሞ 150 ቤርጋ ግዢ ብሎኛል። ከአዲስ አበባና ከዚሁ ከከተማችን ፕሮፎርማ አስወጥቼ ሁለቱንም ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። የአዲስ አበባው ድምሩ 310,798 ብር ነው፣ የደብረ ብርሃኑ 366,350 ብር። ገንዘቡን የሚልክልኝ ወንድሜ ዱባይ ነው ያለው። ፎቶዎቹን አይቶ «55 ሺህ ብር ልዩነት እያለ ምን ታስቢያለሽ? የአዲስ አበባውን ግዢ» አለኝ። ለመኪና 14,000 ብር ተጠይቄያለሁ። እሱ ተጨምሮበትም የአዲስ አበባው የሚያዋጣ ይመስላል። ግን ልቤ አልቆረጠም። የቱን ልግዛ?*

*እህትዎ፣ ከደብረ ብርሃን*

እህቴ፣ የደብረ ብርሃኑን ግዢ። ሁሉም ወጪ ተደምሮ ሳይትሽ ላይ ሲደርስ በ7,468 ብር ይረክሳል። አንድ ነገር ግን አለ። ይህ የሚሆነው ብረቱ ሙሉ ክብደት ካለው ብቻ ነው። ክብደቱን ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ራስሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ፤ እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን 55 ሺህ ብሩ የት እንደገባ ላሳይሽ። ወንድምሽም ያንን ሳያይ አያምንሽም።

ከፎቶው እንጀምር። መጀመሪያ የላክሽልኝ የአዲስ አበባው ፎቶ ከታች ተቆርጧል። ድምሩ ይታያል፣ ከድምሩ በታች ያለው ግን የለም። ደግመሽ አንሺው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ፕሮፎርማ ላይ ትልቁ ጉዳይ የሚጻፈው ከድምሩ በታች ነው። ሁለተኛው ፎቶ ሲመጣ ሦስት ትንንሽ መስመሮች ወጡ። «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» ይላል አንዱ። «ትራንስፖርትና ጫኝ አውራጅ በገዢ» ይላል ሌላው። ሦስተኛው «ይህ ፕሮፎርማ ለ3 ቀን ብቻ ያገለግላል» ነው። ወንድምሽ ያየው የመጀመሪያውን ፎቶ ነው። ስለዚህ አልፈርድበትም። እሱ ያየው ወረቀት ላይ በእርግጥም 310,798 ብር ብቻ ነው ያለው።

ከእንግዲህ ፕሮፎርማ ስታነሺ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው፣ በቀን ብርሃን ከላይ ቀጥ ብለሽ አንሺ። አራቱም ጠርዞች መታየት አለባቸው። ጀርባውንም ገልብጠሽ እዪ፤ ሁኔታዎቹን ከኋላ የሚያትሙ አሉ። በቴሌግራም ስትልኪ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ በእጅ የተጻፈ ትንሽ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

የደብረ ብርሃኑ ወረቀት በእጅ የተጻፈ የካርቦን ኮፒ ነው። የ8 ሚሊው ነጠላ ዋጋ ላይ ማኅተም አርፎበታል፤ 725 ይሁን 125 ይሁን አይለይም። እንዲህ ሲያጋጥም መገመት አያስፈልግም። የመስመሩ ጠቅላላ 108,750 ብር ተብሎ ጥርት ብሎ ተጽፏል። 108,750ን ለ150 ቤርጋ ስናካፍል 725 ይመጣል። ቁጥሩ 725 ነው ማለት ነው። የደበዘዘ ቁጥር ባየሽ ቁጥር እንዲሁ አድርጊ፤ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ ሦስቱ እርስ በርስ ይመሰካከራሉ። ሦስቱ ካልተስማሙ ደግሞ ሻጩ ራሱ ተሳስቷል፣ ስልክ ደውዪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁለቱ ወረቀቶች የሚናገሩት ስለ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። የአዲስ አበባው በኪሎ ነው የሚሸጥልሽ፦ ባለ 12 ሚሊ 1,706 ኪሎ በ128 ብር፣ ባለ 8 ሚሊ 711 ኪሎ በ130 ብር። የደብረ ብርሃኑ ግን በቤርጋ ነው፦ 160 ቤርጋ በ1,610 ብር፣ 150 ቤርጋ በ725 ብር። ኪሎን ከቤርጋ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር አይቻልም። መጀመሪያ ወደ አንድ መለኪያ መምጣት አለባቸው።

ለፌሮ ይህ ቀላል ነው፤ የግንባታ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ስሌት አለች። የብረቱን ውፍረት በሚሊሜትር በራሱ ታባዢውና ለ162 ታካፍዪዋለሽ። የሚወጣው የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ነው። ለባለ 8 ሚሊ፦ 8 ጊዜ 8 ይሆናል 64፤ 64 ለ162 ሲካፈል 0.395 ኪሎ። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው፣ ስለዚህ 4.74 ኪሎ ይመዝናል። ለባለ 12 ሚሊ፦ 144 ለ162 ሲካፈል 0.89 ኪሎ ገደማ፤ ሙሉው ቤርጋ 10.66 ኪሎ። ይህን ይዘሽ ሂጂ። ሱቅ ገብተሽ «የ12 ፌሮ ቤርጋው 10.66 ነው አይደል?» ስትዪ ሻጩ የሚያናግርሽ በሌላ መንገድ ነው።

የአዲስ አበባው ሰው ኪሎውን በትክክል አስልቷል። 160 ቤርጋ በ10.66 ሲባዛ 1,706 ኪሎ ይሆናል፤ 150 ቤርጋ በ4.74 ደግሞ 711 ኪሎ። ይህን መጀመሪያ ያየሁት ምክንያት ስላለኝ ነው። አንዳንዱ ድምሩን ለማሳነስ ባለ 12ቱን ቤርጋ 10 ኪሎ አድርጎ ያሰላዋል። ወረቀቱ ረከሰ ትያለሽ፣ ሲጫን ግን ወይ ቤርጋው ይጎድላል ወይ ገንዘቡ ይጨምራል። ይህኛው እንዲህ አላደረገም። አጠቃላይ ዕቃሽ 2,417 ኪሎ ነው፣ 24 ኩንታል ገደማ።

እንግዲህ የአዲስ አበባውን ከሱቁ አውጥተን ሳይትሽ ድረስ እንውሰደው። 310,798 ብር ላይ 15 ፐርሰንት ቫት ሲጨመር 46,620 ብር ነው። በዚህ ብቻ 357,418 ብር ገባ። ልዩነት ተብሎ ከታየው ገንዘብ አብዛኛውን የበላው ይህ ነው። የመኪናው 14,000 ብር አለ። ጫኝና አውራጅ ግን በደብዳቤሽ ውስጥ አልነበረም። ደውለሽ እንድትጠይቂ ያደረግኩሽ ለዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ለመጫን በኩንታል 100 ብር፣ ደብረ ብርሃን ለማውረድም በኩንታል 100 ብር ብለውሻል። ለ24 ኩንታል 2,400 እና 2,400፣ በድምሩ 4,800 ብር ነው። ሁሉም ሲጠቃለል 376,218 ብር ሆነ።

የደብረ ብርሃኑ ወረቀት ግርጌ ላይ «ቫትን ጨምሮ፣ እስከ ሳይት» ተብሎ በእጅ ተጽፏል። ስለዚህ 366,350 ብሩ ላይ ቫት አይጨመርም፣ መኪናም አይጨመርም። ማውረጃ ግን የለበትም። «እስከ ሳይት» ማለት መኪናው በር ላይ ይቆማል ማለት ነው እንጂ ብረቱን ያወርዱልሻል ማለት አይደለም። ደውለሽ ስትጠይቂም እንዲሁ ነው ያሉሽ። 2,400 ብር ጨምሪበት። 368,750 ብር።

አጠር አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ለወንድምሽ የምትልኪውም ይህንኑ ነው፦

አዲስ አበባ፦ ዕቃ 310,798 + ቫት 46,620 + መኪና 14,000 + ጫኝ አውራጅ 4,800 = 376,218 ብር

ደብረ ብርሃን፦ ዕቃ ከነቫቱ 366,350 + መኪና 0 + አውራጅ 2,400 = 368,750 ብር

ልዩነቱ 7,468 ብር ነው፤ ወደ ደብረ ብርሃን ያደላል።

የአዲስ አበባው ሰው በስልክ «ያለ ደረሰኝ ከወሰድሽ ቫቱን እንተወዋለን» እንዳለሽ ነግረሽኛል። ገንዘቡ ሲታይ ያጓጓል፣ 46 ሺህ ብር ቀላል አይደለም። እኔ ግን አትግቢበት እላለሁ። አንደኛ ሕገወጥ ነው። ሁለተኛ፣ ብረቱ ጎድሎ ወይም ዝጎ ቢመጣ ምን ይዘሽ ትመልሻለሽ? ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ከመኪና ከወረደ በኋላ ባለቤት የለውም። ሦስተኛ፣ መንገድ ላይ ዕቃው ደረሰኝ ሲጠየቅ ሹፌሩ የሚደውለው ለአንቺ ነው። ያን ዋጋ ከንጽጽሩ ውስጥ አላስገባሁትም፤ አንቺም አታስገቢው።

ስለ ቫት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ነጋዴም ሊኖር ይችላል። አንቺ የግል ቤት ነው የምትሠሪው፣ ስለዚህ ቫቱ ላንቺ ቁርጥ ወጪ ነው። ለቫት የተመዘገበ ድርጅት ለንግዱ ከገዛ ግን የከፈለውን ቫት ከሚሰበስበው ያቀናንሳል፤ እሱ ማወዳደር ያለበት ከቫት በፊት ያለውን ዋጋ ነው። ለዚህኛው ግዢ እሱንም አስልቼዋለሁ። የደብረ ብርሃኑን ዋጋ ለ1.15 ስናካፍለው 318,565 ብር ይወጣል፤ ማውረጃ ተጨምሮ 320,965። የአዲስ አበባው ያለ ቫት ከነማጓጓዣው 329,598 ነው። አሁንም ደብረ ብርሃን ይረክሳል።

እስካሁን ያለው ወረቀት ላይ ያለው ሒሳብ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አሁን ደግሞ በቤርጋ ስትገዢ የሚመጣውን ጣጣ ላንሳ፤ ቅድም «ብረቱ ሙሉ ክብደት ካለው» ያልኩት ይህንን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግቢዬ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ስሠራ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ በቤርጋ ገዛሁ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ ዝቅ ያለ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነው ያስጫንኩት። ሥራው አልቆ ጥቂት ቤርጋ ተረፈ። ለጎረቤት ልሸጠው ብዬ እህል ነጋዴ ዘንድ ወስጄ ሚዛን ላይ ሳወጣው አንዱ ቤርጋ 4 ኪሎ ከ200 ግራም ሆነ። 4.74 መሆን ነበረበት። ከመቶ አሥራ አንድ ገደማ ጎድሏል ማለት ነው። የተቀነሰልኝ ዋጋ ግን ያን ያህል አልነበረም። በርካሽ ገዛሁ ያልኩትን ብረት በኪሎ ሳስበው ከሁሉም ሱቅ አስወድጄ ነው የገዛሁት። ገንዘቡ አለፈ፤ ያ ብረት ግን ዛሬም ግድግዳዬ ውስጥ አለ። የሚቆረቁረኝ እሱ ነው።

በቤርጋ ስትገዢ የብረቱ መቅጠን ኪሳራው ያንቺ ነው። በኪሎ ስትገዢ ግን ብረቱ ቢቀጥን በዚያው ኪሎ ተጨማሪ ቤርጋ ይደርስሻል፤ ቢያንስ ገንዘብሽ አይጠፋም። ስለዚህ የአዲስ አበባው ሰው በኪሎ መሸጡ ያለው ጥቅም ይህ ነው፤ አልክድም። ጥያቄው ደብረ ብርሃን ያለው ብረት ስንት ቢጎድል ነው 7,468 ብሩ የሚጠፋው የሚለው ነው።

የአዲስ አበባው ብረት ሳይትሽ ሲደርስ፣ ሁሉም ወጪ ለ2,417 ኪሎ ሲካፈል፣ ኪሎው 155 ብር ከ66 ሳንቲም ይመጣል። የደብረ ብርሃኑን 368,750 ብር ለዚህ ስናካፍለው 2,369 ኪሎ ይወጣል። ማለትም የደብረ ብርሃኑ ብረት ከ2,417 ኪሎ ወደ 2,369 ኪሎ ከወረደ ሁለቱ እኩል ሆኑ። 48 ኪሎ ብቻ ነው፣ ከመቶ ሁለት። ከዚያ በላይ ከጎደለ የአዲስ አበባው ረከሰ።

ከመቶ ሁለት በዓይን አይታይም፣ በእጅም አይታወቅም። በባለ 12 ሚሊው አንድ ቤርጋ ላይ 210 ግራም ገደማ ነው። ደግሞም ሁሉም ጉድለት ማጭበርበር አይደለም፤ የብረት ደረጃው ራሱ ጥቂት ፐርሰንት ከፍ ዝቅ ማለትን ይፈቅዳል። ሻጩ ምንም ሳያጠፋ ያንቺ ትርፍ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሻጩን ሳትጠረጥሪና ሳታስቀይሚ የምታደርጊው ነገር መመዘን ነው።

እንዲህ አድርጊ። ገንዘብ ሳትከፍዪ መጋዘኑ ሂጂ። ሜትር ያዢ። ከተለያየ እስር ውስጥ ከባለ 12 ሚሊው 10 ቤርጋ፣ ከባለ 8 ሚሊው 10 ቤርጋ አስመርጪ። አንቺ ምረጪ እንጂ ከላይ ያለውን እስር ብቻ አትቀበዪ። መጀመሪያ ርዝመቱን ለኪ። ፌሮ ብዙ ጊዜ ለመጫን እንዲመች መሃሉ ላይ ታጥፎ ነው የሚመጣው፤ ታጥፎ ሲታይ ሁለቱ ጫፎች እኩል ናቸው ወይ ብለሽ እዪ፣ ከዚያ ከእጥፋቱ እስከ ጫፉ ለኪና ሁለቱን ደምሪ። 12 ሜትር መሙላት አለበት። 11.70 ሆኖ የሚመጣ አለ፤ 30 ሳንቲሜትር ማለት ከመቶ ሁለት ተኩል ነው፣ ብቻውን ትርፍሽን ይጨርሰዋል።

ቀጥሎ ሚዛን። ብረታ ብረት ቤቱ ሚዛን ካለው እዚያው፣ ከሌለው አቅራቢያ ያለ እህል ነጋዴ ወይም ወፍጮ ቤት የኩንታል ሚዛን አለው። የታጠፈ ብረት ስለሆነ ሚዛኑ ላይ ይቀመጣል፤ ጫፎቹ መሬት እንዳይነኩ ብቻ ተጠንቀቂ፣ መሬት ከነካ ቀሎ ይታያል። 10ሩን አንድ ላይ መዝኚ። አንድ አንድ ስትመዝኚ የሚዛኑ ስህተት ራሱ ከጉድለቱ ይበልጣል። 10 ባለ 12 ሚሊ 106.6 ኪሎ መሆን አለበት፤ 10 ባለ 8 ሚሊ 47.4 ኪሎ።

ለውሳኔ የሚሆኑሽን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፊያቸው። ባለ 12ቱ 10 ቤርጋ ከ104.5 ኪሎ በላይ፣ ባለ 8ቱ ከ46.5 ኪሎ በላይ ከሆነ ሳታመነቺ ደብረ ብርሃን ግዢ። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ የባለ 12ቱን አስቀድሚ፤ ከዕቃሽ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ክብደቱ እሱ ነው። ሁለቱም ከዚያ በታች ከሆኑ ግን ወዲያው አዲስ አበባ አትደውዪ። ሻጩን «በኪሎ ሽጥልኝ» በይው። 1,610 ብርን ለ10.66 ስታካፍዪው ኪሎው 151 ብር ነው፤ ባለ 8ቱ 725 ለ4.74 ሲካፈል 153 ብር። ይህ እሱ ራሱ ያወጣው ዋጋ ነው፤ ሙሉ ክብደት አለው ብሎ ካመነ የሚከለክለው ነገር የለም። በዚህ ዋጋ በኪሎ ከተስማማ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን ደብረ ብርሃን ያዋጣሻል። እምቢ ካለ መልሱን አግኝተሻል።

ከገንዘቡ በላይ የሆነ ጉዳይም እዚህ ውስጥ አለ። የብረት ክብደት ሲጎድል፣ ርዝመቱ ልክ ከሆነ፣ የጎደለው ውፍረቱ ነው። መሃንዲስሽ 160 ቤርጋ ያለው 12 ሚሊ ነው ብሎ አስልቶ ነው። 10 ባለ 12 ሚሊ 100 ኪሎ ቢመዝኑ ከክብደቱ ከመቶ ስድስት በላይ ጎድሏል ማለት ነው፤ በርካሽ ቢሰጡሽም መሃንዲሱ ሳያየው አትውሰጂ። ስታፋ የሚሠራበት ባለ 8 ሚሊውም እንደዚያው ነው። «ስታፋ ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚል ቶንዲኖ ሠሪ ያጋጥምሻል። ኮለኑን አንድ ላይ አቅፎ የሚይዘው ስታፋው ነው፤ እንዲህ ላለው ሰው ጆሮ አትስጪ።

የአዲስ አበባው የሚያሸንፍበት ሌላ መንገድ አለ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ አዎ አለ፤ መኪናው ነው። 14,000 ብሩ ለብቻሽ ለተያዘ መኪና ነው። ከሌላ ሰው ጭነት ጋር አብሮ የሚመጣ ኢሱዙ ካገኘሽና ከ6,500 ብር በታች ካስከፈለሽ ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ እንዲያውም የአዲስ አበባው በጥቂቱ ይቀንሳል። ነገር ግን እንዲህ ያለው መኪና ብዙ ጊዜ ዋናው መንገድ ላይ ወይም ሌላው ሰውዬ ዕቃውን የሚያወርድበት ቦታ ላይ ነው የሚያራግፍልሽ። ከዚያ ወደ ሳይትሽ ጋሪ መያዝ አለብሽ፣ እንደገና መጫን፣ እንደገና ማውረድ። 24 ኩንታል ብረት በጋሪ ስንት ምልልስ እንደሆነ አስቢው። መንገድ ላይ የጎደለ ቤርጋ ቢኖር ደግሞ ከማን እንደምትጠይቂ አይታወቅም። 130 ኪሎ ሜትር ርቀሽ ቆጠራ ላይ ካልተገኘሽ፣ ተወካይ መላክ ሊኖርብሽ ነው፤ የሰውዬው ትራንስፖርትና ምሳም ወጪ ነው። እኔ ይህን ወጪ ከላይ ባለው ሒሳብ ውስጥ አልደመርኩትም፤ ቢደመር ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ደብረ ብርሃን ያለው ሻጭ ጋ ስትሄጂ ሦስት ነገሮች ፕሮፎርማው ላይ እንዲጻፉልሽ አድርጊ፣ በቃል አትቀበዪ። «እስከ ሳይት» ያለው የቱ ሳይት እንደሆነ፣ ከነሰፈሩ። ሳይትሽ ከአስፋልት ወደ ውስጥ የገባ ነው ብለሽኛል፤ ዝናብ ከጣለ መኪናው አይገባም ብለው አስፋልት ላይ ቢያራግፉት «መኪና እስከሚገባበት ነው ያልነው» ሊሉሽ ይችላሉ። መንገዱን አስቀድመሽ አሳዪያቸው። ሁለተኛው ርዝመቱ 12 ሜትር መሆኑና የቤርጋው ብዛት ነው። ሦስተኛው ዋጋው የሚቆይበት ቀን፤ ያንቺ ወረቀት ላይ ቀን የለም። የፌሮ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ሊቀየር ይችላል። ወንድምሽ ገንዘቡን ከዱባይ ልኮ እስኪገባ ደግሞ ቀናት ይወስዳል። ገንዘቡ ሳይገባ ዋጋው ከተቀየረ ይህ ሁሉ ስሌት እንደገና ይሠራል።

ክፍያውን በባንክ አድርጊው፤ ሒሳቡም በማኅተሙ ላይ ባለው የድርጅት ስም የተከፈተ ይሁን። «ለጊዜው በዚህ በእኔ ስም አስገቢው» የሚል ካለ ደረሰኙም እንዲሁ ሊሆን ነውና አቁሚ። ሙሉውን ቅድሚያ ከጠየቀሽ ግማሹን ስጪና ቀሪውን ሳይት ላይ ተቆጥሮ ሲወርድ ክፈዪ። ይህን ብዙ ሻጭ ይቀበላል፤ በተለይ በአንድ ከተማ ውስጥ ያለ ሻጭ ሱቁን ታውቂዋለሽ፣ እሱም ቤትሽን ያውቀዋል።

ሲወርድ ቆመሽ ቁጠሪ። እስሩን አትቁጠሪ፣ ቤርጋውን ቁጠሪ። እስር ሲፈታ አንድ ሁለት ጎድሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። አንዱ ባለ 12 ሚሊ 1,610 ብር ነው፤ አምስቱ ቢጎድሉ 8,050 ብር፣ ያገኘሽው ልዩነት በሙሉ አለቀ። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርገሽ እንጨት ላይ አስደርድሪውና በላስቲክ ሸፍኚው፤ ደብረ ብርሃን ጤዛና ዝናብ አያጣም።

ለወንድምሽ ከላይ የጻፍኩልሽን ሁለት መስመር በእጅሽ ጽፈሽ፣ አዲሱንና ከታች ያልተቆረጠውን ፎቶ አያይዘሽ ላኪለት። «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የሚለውን በእስክሪብቶ አስምሪበት። የ10ሩን ቤርጋ ክብደት ስታገኚ ደግሞ ለእኔም ላኪልኝ፤ ከ104.5 ከወረደ ሻጩን ከመጥራትሽ በፊት አብረን እናስላው።